ወደ ባትሪ የገባው ኢነርጂ የት ይቀራል?



ማንኛውም ባትሪ ከተቀበለው ያነሰ ኢነርጂ ይመልሳል። ጉድለቱ የሚመጣው ግን ከሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። ከፊሉ፣ ወደ ባትሪው የገባ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሁሉ ተመልሶ ስለማይወጣ የሚጠፋ ነው። ከፊሉ ደግሞ ቻርጁ ምንም ሳይጎድል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ገብቶ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሚወጣ የሚጠፋ ነው። የመጀመሪያውን ለብቻው የሚለካው የኩሎምብ ብቃት ይባላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳየው የደርሶ መልስ የኢነርጂ ብቃት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት መለኪያዎች መለየትና እያንዳንዱ ኪሳራ ባትሪው ውስጥ የሚፈጠርበትን ቦታ ማሳየት ነው። በቅድሚያ ትርጉማቸው በአንድ የሂሳብ ምሳሌ ይቀርባል። ከዚያ የቻርጅ ኪሳራ፣ ቀጥሎ የቮልቴጅ ኪሳራ ይታያል። በሦስተኛ ደረጃ የሊቲየም ባትሪ ከሊድ-አሲድ ባትሪ ጋር ይነጻጸራል። በመጨረሻም ከባትሪው ውጭ ስለሚጠፋው ኢነርጂና ስለ አለካክ ይነገራል። ምሳሌው በአብዛኛው የሚያተኩረው በመኪና፣ በሶላርና በመጠባበቂያ ኃይል በሚታወቀው የሊድ-አሲድ ባትሪ ላይ ነው። ይህን ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሠራው፤ ሁለቱም ኪሳራዎች በግልጽ የሚታዩበት ባትሪም ይኸው ነው።

ቻርጅ ማለት በሽቦው ውስጥ ያለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። 1 አምፔር ከረንት ለ1 ሰዓት ቢፈስ 1 አምፔር-ሰዓት ወይም 3600 ኩሎምብ አለፈ ይባላል። ኢነርጂ ግን ቻርጁ በቮልቴጁ ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ በዋት-ሰዓት ይለካል። ጤፍ ነጋዴ 100 ኩንታል ገዝቶ 100 ኩንታሉንም ቢሸጥ ከእህሉ አንድም አልጎደለበትም። ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ከሸጠው ግን ከስሯል። የኩንታሉ ቁጥር ቻርጁ፣ የኩንታሉ ዋጋ ቮልቴጁ፣ የነጋዴው ገንዘብ ኢነርጂው ነው። ስለዚህ የኩሎምብ ብቃት የወጣው አምፔር-ሰዓት ለገባው አምፔር-ሰዓት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ የኢነርጂ ብቃት ደግሞ የወጣው ዋት-ሰዓት ለገባው ዋት-ሰዓት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በአማካይ የወጣበት ቮልቴጅ በአማካይ ለገባበት ቮልቴጅ ሲካፈል የቮልቴጅ ብቃት ይገኛል። የኢነርጂ ብቃት የኩሎምብ ብቃትና የቮልቴጅ ብቃት ብዜት ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ፣ የባትሪ ውሃ የሚጨመርበት የሊድ-አሲድ ባትሪ አለ እንበል። ሙሉ ሆኖ ማታ መብራትና ቴሌቪዥን ሲያሠራ አድሮ 50 አምፔር-ሰዓት አወጣ። በዚህ ጊዜ አማካይ ቮልቴጁ 12.2 ነበር፤ ስለዚህ የሰጠው ኢነርጂ 610 ዋት-ሰዓት ነው። በማግስቱ ወደ ነበረበት ሙሉ ሁኔታ ለመመለስ 56 አምፔር-ሰዓት አስፈለገው፤ አማካይ የመሙያ ቮልቴጁም 13.8 ሆነ። የገባው ኢነርጂ 773 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። የኩሎምብ ብቃቱ 50 ለ56 ሲካፈል 89 በመቶ፣ የቮልቴጅ ብቃቱ 12.2 ለ13.8 ሲካፈል 88 በመቶ፣ የደርሶ መልስ የኢነርጂ ብቃቱ ደግሞ 79 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በደህና ሁኔታ ላይ ላለ የሊድ-አሲድ ባትሪ የተለመዱ ናቸው።

የጠፋው 163 ዋት-ሰዓት ለሁለት ይከፈላል። ሳይመለሱ የቀሩት 6 አምፔር-ሰዓቶች በ13.8 ቮልት ሲባዙ 83 ዋት-ሰዓት ያህል ይሆናሉ። የተመለሱት 50 አምፔር-ሰዓቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 1.6 ቮልት አጥተው ስለወጡ 80 ዋት-ሰዓት ጠፍቷል። በዚህ ምሳሌ ቻርጁና ቮልቴጁ ኪሳራውን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ተካፍለውታል። አምፔር-ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል፣ ወደ ቻርጁ ኪሳራ እንለፍ። 6ቱ አምፔር-ሰዓቶች የት ሄዱ? ኤሌክትሮን አይጠፋም፤ ወደ ባትሪው የገባው ከረንት ሁሉ አንድ ሥራ ሠርቷል። ጥያቄው የተፈለገውን ሥራ ሠርቷል ወይስ ሌላ የሚለው ነው። ባትሪው ኢነርጂ ሲሰጥ በሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ የሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ሲሞላ ይህ ሰልፌት በአሉታዊው ሰሌዳ ላይ ወደ ሊድ፣ በአዎንታዊው ሰሌዳ ላይ ወደ ሊድ ዳይኦክሳይድ ይመለሳል። ሰልፌቱ ገና ብዙ ሳለ የሚገባው ከረንት ከሞላ ጎደል በሙሉ ለዚህ ሥራ ይውላል። ሰልፌቱ እያለቀ ሲሄድ ግን ከረንቱ ሌላ ሥራ ያገኛል፦ በአሲዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን መከፋፈል። ባትሪው ፈላ የሚባለው ይህ ነው። የሚታዩት አረፋዎች የሙቀት ፍላት ሳይሆኑ እነዚህ ሁለት ጋዞች ናቸው።

መፍላቱ ጎልቶ የሚጀምረው እያንዳንዱ ሴል 2.35 እስከ 2.4 ቮልት ሲደርስ ነው። 6 ሴል ላለው የ12 ቮልት ባትሪ ይህ 14.1 እስከ 14.4 ቮልት ማለት ነው። ባትሪው ሲሞቅ ግን መፍላቱ ከዚህ ባነሰ ቮልቴጅም ይጀምራል። ስለዚህ ጥሩ ቻርጀር የባትሪውን ሙቀት እየለካ፣ ሙቀቱ ሲጨምር የመሙያ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የማያደርግ ቻርጀር በሞቃት ክፍል ውስጥ ከረንቱን በከንቱ ውሃ ሲያፈላበት ይውላል።

ብክነቱ በውሃ ሊመዘን ይችላል። በፋራዳይ ሕግ መሠረት 1 አምፔር-ሰዓት በአንድ ሴል ውስጥ 0.336 ግራም ውሃ ይከፋፍላል። 6ቱም ሴሎች በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ ያው ከረንት በስድስቱም ያልፋል፤ ስለዚህ በአጠቃላይ 2 ግራም ገደማ ይጠፋል። በምሳሌው ያልተመለሱት 6 አምፔር-ሰዓቶች በሙሉ ለመፍላት ውለዋል ቢባል በአንድ ዙር 12 ግራም፣ በ100 ዙር 1.2 ኪሎ ግራም ውሃ ያልቃል። የባትሪ ውሃ በየጊዜው የሚጨመረው ለዚህ ነው። ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ውሃ የሚጨርስ ባትሪ የኩሎምብ ብቃቱ መውረዱን ያለ ምንም መሣሪያ እየተናገረ ነው። ድፍን በሆኑት ባትሪዎች ውስጥ ኦክሲጅኑ ወደ አሉታዊው ሰሌዳ አልፎ መልሶ ውሃ ይሆናል። ውሃው ይተርፋል፤ ቻርጁ ግን እዚያም አይተርፍም፤ ኢነርጂው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል።

ከዚህ የሚከተለው አንድ ቁም ነገር፣ የኩሎምብ ብቃት ለአንድ ባትሪ አንድ ቋሚ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ባትሪው ባለበት የሙሌት ደረጃ ይወሰናል። በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ስቲቨንስና ኮሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት አንድን የሶላር ሊድ-አሲድ ባትሪ ደረጃ በደረጃ እየሞሉ ብቃቱን ለኩ። ከባዶ እስከ 84 በመቶ ሙሌት ያለው አማካይ የመሙላት ብቃት 91 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከ79 እስከ 84 በመቶ ባለው ጠባብ ክፍል ብቻ ግን ብቃቱ 55 በመቶ ነበር። አማካዩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ወደ ላይ ሲቃረብ ከሚገባው ከረንት ግማሽ ያህሉ ይባክናል ማለት ነው።

ታዲያ ባትሪውን 80 በመቶ ላይ እያቆሙ መጠቀም አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በቁጥር ደረጃ ብቃቱ በእርግጥ ይሻሻላል፤ ባትሪው ግን ይሞታል። ሳይለወጥ የሚቀረው ሰልፌት በጊዜ ብዛት ወደ ትልልቅና ጠጣር ቅንጣቶች ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ በተራ መሙላት አይመለስም። ስለዚህ በሊድ-አሲድ ባትሪ ውስጥ በመጨረሻው ሰዓት የሚባክነው ከረንት ለባትሪው ዕድሜ የሚከፈል ዋጋ ነው። የሶላር ሰሌዳ መጠን ሲሰላም የወጣውን ያህል ብቻ መመለስ በቂ አይደለም፤ በምሳሌው ለወጣው 50 አምፔር-ሰዓት 56 የሚሰጥ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ይህ ያልታሰበበት ሥርዓት በየቀኑ ትንሽ እየጎደለ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላም ባትሪው ያለ ዕድሜው ይደክማል።

ሁለተኛው ክፍል የቮልቴጅ ኪሳራ ነው። ከረንት በማይፈስበት ጊዜ፣ በእረፍት ላይ ያለ ባትሪ የራሱ የሆነ ቮልቴጅ አለው። በምሳሌው ባትሪ ይህ ሙሉ ሲሆን 12.7፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ነው፤ አማካዩን 12.45 ብለን እንውሰድ። በሚወጣበት ጊዜ አማካዩ 12.2 ስለነበር 0.25 ቮልት ተጓድሏል። በሚሞላበት ጊዜ ግን 13.8 ስለነበር 1.35 ቮልት ተርፎ ተከፍሏል። ከ80 ዋት-ሰዓቱ የቮልቴጅ ኪሳራ ከ67 በላይ የሚሆነው የጠፋው በመሙላት ጊዜ ነው። ባትሪው የሚከስረው ሲሠራ ብቻ ይመስላል፤ በዚህ ባትሪ ግን ትልቁ ኪሳራ ያለው ሲሞላ ነው።

ይህ ልዩነት ከሦስት ነገሮች ይመጣል። አንደኛው ተራ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ነው፤ በሰሌዳዎቹ ፍርግርግ፣ በአሲዱና በማያያዣዎቹ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው፣ በሰሌዳው ገጽ ላይ የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ በሚፈለገው ፍጥነት እንዲሄድ የሚጠይቀው ተጨማሪ ግፊት ነው። ሦስተኛው የአሲዱ እንቅስቃሴ ነው። ባትሪው ሲሠራ በሰሌዳው ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አሲድ ይሳሳል፤ ሲሞላ ደግሞ እዚያው ይወፍራል። ከውጭ ያለው አሲድ ገብቶ እስኪቀላቀል ድረስ ቮልቴጁ በአንዱ አቅጣጫ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። ሦስቱም የሚያልቁት በሙቀት ነው።

ሦስቱም ከረንቱ ሲጨምር ይጨምራሉ። የተቃውሞው ነገር በቀላሉ ይሰላል። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ 0.01 ኦም ቢሆን፣ በ5 አምፔር የሚጠፋው 0.05 ቮልት ብቻ ነው፤ አይታይም። 1000 ዋት የሚሠራ ኢንቨርተር ግን ከ12 ቮልት ባትሪ 90 አምፔር ያህል ይስባል። በዚህ ጊዜ 0.9 ቮልት ይጠፋል፤ ይህም ባትሪው ከሚሰጠው ኢነርጂ 7 በመቶ አካባቢ ነው። ያው ቻርጅ በእጥፍ ከረንት ቢወጣ በተቃውሞው የሚጠፋው ኢነርጂም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባትሪ በዝግታ ሲሠራና በፍጥነት ሲሠራ ሁለት የተለያዩ የኢነርጂ ብቃቶች አሉት፤ ከረንቱ ሳይጠቀስ የሚነገር የብቃት ቁጥርም ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። በከፍተኛ ከረንት የሚሠራ ባትሪ ቮልቴጁ ቶሎ ይወርድና ኢንቨርተሩ አለቀ ብሎ ይዘጋል፤ 100 አምፔር-ሰዓት የተባለው ባትሪ 60 ብቻ የሰጠ ይመስላል። ቀሪው ቻርጅ ግን አልጠፋም። ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ሲያርፍ አሲዱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ በዝግታ ከተወሰደም ብዙው ይወጣል። ስለዚህ ይህ የቮልቴጅ ችግር እንጂ የኩሎምብ ኪሳራ አይደለም።

ሦስተኛው ክፍል የሊቲየም ባትሪን ይመለከታል። ያው 50 አምፔር-ሰዓት ከሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በመካከለኛ ከረንት ቢወጣና ቢሞላ፣ አማካዩ የማውጫ ቮልቴጅ 13.0፣ የመሙያው 13.6 ሊሆን ይችላል። ለመመለስ የሚያስፈልገው ቻርጅ 50 እና ጥቂት ነጥብ ነው፤ በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚፈላ ውሃ የለምና። የኩሎምብ ብቃቱ 99.9 በመቶ ይደርሳል፤ የኢነርጂ ብቃቱ ግን 95 በመቶ ገደማ ነው። በሊድ-አሲዱ 163 ዋት-ሰዓት የጠፋበት ሥራ እዚህ የሚያጠፋው 31 ያህል ነው፤ ይህም በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የቮልቴጅ ኪሳራ ነው። በማስታወቂያ ላይ 99 በመቶ ብቃት ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ብቃት እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኩሎምቡ ቁጥር ከሆነ ስለ ኤሌክትሪክ ሂሳቡ ብዙም አይናገርም።

ይህ ማለት ግን በሊቲየም ባትሪ የኩሎምብ ብቃት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። በሊድ-አሲድ ባትሪ የጠፋው ቻርጅ በአብዛኛው ውሃ ይከፋፍላል፤ ውሃው ይተካል። በሊቲየም ባትሪ ግን የጠፋው ቻርጅ በአብዛኛው በአሉታዊው የግራፋይት ሰሌዳ ገጽ ላይ ከኤሌክትሮላይቱ ጋር በሚደረግ ያልተፈለገ ለውጥ ይውላል። በዚህ ለውጥ አንድ ስስ ሽፋን ይወፍራል፣ ሊቲየሙም እዚያ ታስሮ ይቀራል። የሚተካ ሊቲየም የለም። ጉድለቱ በሙሉ ሊቲየም የሚያስር ነው ብለን ብናሰላ፣ በየዙሩ 99.9 በመቶ የሚመልስ ሴል ከ500 ዙር በኋላ የሚቀረው ሊቲየም ከመጀመሪያው 61 በመቶ ብቻ ነው። 99.99 በመቶ የሚመልሰው ግን 95 በመቶ ይቀረዋል። በአንድ ዙር ሲታዩ ሁለቱን የሚለያቸው ከአንድ ሺህ አንድ የማይሞላ ነው፤ በዕድሜ ግን አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ገና ነው።

ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በተራ መለኪያ ማየት አይቻልም፤ የመለኪያው ስህተት ራሱ ከሚፈለገው ልዩነት ይበልጣል። በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ጄፍ ዳንና ባልደረቦቹ ከረንቱን፣ ጊዜውንና ሙቀቱን እጅግ በጠበቀ ሁኔታ የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችን ሠርተው ይህን ልኬት አጎልብተዋል። ጥቅሙም አንድን አዲስ ኤሌክትሮላይት ለዓመታት ሳይጠብቁ፣ በጥቂት ሳምንታት ልኬት ብቻ ከሌላው ጋር ማወዳደር መቻሉ ነው። ሁሉም የጎደለ ቻርጅ ሊቲየም አያስርም፤ አንዳንዱ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ተመላልሶ የሚባክን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሕይወት ዘመን ትንቢት ሳይሆን ማነጻጸሪያ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ከባትሪው ውጭ ያለውን ይመለከታል። የደርሶ መልስ ብቃት ሲነገር መለኪያው የት ላይ እንደተቀመጠ መታወቅ አለበት። በምሳሌው 79 በመቶ የተገኘው በባትሪው ሁለት ተርሚናሎች ላይ ነው። ከግድግዳ መሰኪያ ተነስቶ ወደ መሰኪያ በሚመለስ መንገድ ግን ቻርጀርና ኢንቨርተርም አሉ። ቻርጀሩ 92 በመቶ፣ ኢንቨርተሩ 90 በመቶ ቢሆኑ፣ ሦስቱ ተባዝተው አጠቃላዩ 65 በመቶ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ኢንቨርተሩ ምንም ሳያሠራ ለራሱ የሚበላው አለ። 15 ዋት የሚበላ ኢንቨርተር ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢቀመጥ በቀን 360 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። ይህ ባትሪው በአንድ ሌሊት ከሰጠው 610 ውስጥ ከግማሽ ይበልጣል፤ በባትሪው ውስጥ ከጠፋው 163 ደግሞ እጥፍ ነው። አነስተኛ አገልግሎት በሚሰጥ የሶላር ሥርዓት ውስጥ ትልቁ ሌባ ብዙ ጊዜ ባትሪው ሳይሆን ይህ ነው።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱም ብቃቶች የሚሠሩት ባትሪው በመጨረሻ ወደ ተነሳበት ሁኔታ ሲመለስ ብቻ ነው። 50 አውጥቶ 50 መልሶ ብቃቱ 100 በመቶ ነው ማለት ስህተት ነው፤ ባትሪው ገና አልሞላም። የሊድ-አሲድ ባትሪ መሙላቱን የሚያረጋግጠው የአሲዱ መጠነ እፍጋት ነው። በሃይድሮሜትር ሲለካ በየሴሉ 1.265 እስከ 1.28 ደርሶ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ሳይለወጥ ከቆየ ሙሉ ነው። አምፔር-ሰዓት የሚቆጥሩት የባትሪ ማሳያዎችም በውስጣቸው የብቃት ቁጥር አላቸው። ባትሪው 89 በመቶ እየመለሰ ማሳያው 99 ብሎ ከተዋቀረ፣ በየቀኑ ያልገባውን እንደገባ ይቆጥራል። ከቀናት በኋላ ማሳያው 100 በመቶ ሲል ሃይድሮሜትሩ 1.22 ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታመነው ሃይድሮሜትሩ ነው። ማሳያውም ባትሪው በእርግጥ ሲሞላ ወደ 100 መመለስ፣ የብቃት ቁጥሩም መታረም አለበት።

ስለዚህ አንድ ባትሪ ኢነርጂ ሲያባክን መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በመጀመሪያ ኢንቨርተሩ በባዶ ሲሠራ የሚበላው ይለካ። ቀጥሎ አምፔር-ሰዓቱ ይቆጠር፤ የሚገባው ከሚወጣው በብዙ ከበለጠ ችግሩ የመሙያ ቮልቴጁ፣ ሙቀቱ ወይም የደከመ ሴል ነው። አምፔር-ሰዓቱ ደህና ሆኖ ዋት-ሰዓቱ ከጎደለ ችግሩ የከረንቱ ብዛት፣ የላላ ማያያዣ፣ የቀጠነ ሽቦ ወይም ያደገ ውስጣዊ ተቃውሞ ነው። ባትሪ ለመለወጥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አምፔር-ሰዓትና ዋት-ሰዓት ሁለቱም ይለኩ፤ አንዱ ብቻ ጉድለቱ የት እንዳለ አይናገርም።